ከአኅጽሮተ ጥናት ወደ ፖስተር፦ የሚቀነሰውና የማይቀነሰው

አኅጽሮተ ጥናት ወደ ፖስተር ሲጠቃለል በቅድሚያ የሚቀነሰው ዳራው ነው፤ ቆሞ የሚያነብ ተመልካች አስቀድሞ የሚፈልገው ግኝቱን ነውና። ለማሳያ ያህል፣ አኅጽሮቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ «በአንድ ወረዳ በአንድ የመኸር ወቅት በተካሄደ የማሳ ሙከራ፣ በመስመር የተዘራው ጤፍ በብተና ከተዘራው የበለጠ ምርት መስጠቱ ታውቋል።»

በፖስተሩ ላይ «ውጤት» የሚል ርእስ ብቻውን ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ግኝቱ ራሱ ርእስ ይሆናል፦ «በመስመር የተዘራው ጤፍ ከብተናው የበለጠ ምርት ሰጠ»። ከሥሩም «የማሳ ሙከራ፤ አንድ ወረዳ፣ አንድ መኸር» የሚል ሐረግ ይሰፍራል። «በተካሄደ» እና «መስጠቱ ታውቋል» ቢቀሩ የሚጎድል ፍሬ ነገር የለም።

አደጋው ያለው ማሰሪያ አንቀጹን ሲያሳጥሩ ነው። ርእሱ «በመስመር መዝራት ምርት ይጨምራል» ከተባለ ቃላቱ ያንሳሉ፤ ድምዳሜው ግን ይሰፋል። «ሰጠ» በሙከራው የታየውን ብቻ ይናገራል፤ «ይጨምራል» ግን ወረዳና ወቅት የማይገድበው ሕግ ይመስላል። ርእሱን ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ተመልካችም ይህንኑ ይዞ ይሄዳል።

በመሆኑም የመጨረሻው ፍተሻ እያንዳንዱን ርእስ ከአኅጽሮቱ ዓረፍተ ነገር ጎን አስቀምጦ ማሰሪያ አንቀጾቹን ማነጻጸር ነው። ርእሱ ከአኅጽሮቱ ያነሰ ቢናገር ችግር የለውም፤ የበለጠ ከተናገረ ግን ይታረማል።