የብድር መዝጊያ ደብዳቤ አመረማመር፦ ዋናው ብድር፣ ወለድ፣ የቀን ሂሳብና የመያዣ መልቀቅ በአንድ የላንቻ ቤት ምሳሌ

ባለዕዳ ብድሩን ከጊዜው አስቀድሞ ለመዝጋት ወይም በመያዣ የሰጠውን ቤት ለመሸጥ ሲፈልግ፣ አበዳሪው ባንክ ቀሪውን ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍለታል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሰነድ «የመዝጊያ ደብዳቤ» ይባላል። ብዙ ሰው ከደብዳቤው የሚያነበው በግርጌው የሰፈረውን ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ድምር እውነት የሚሆነው በአንድ የተወሰነ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወለድ በየዕለቱ ይጨመራል። በተጨማሪም ገንዘቡ መከፈሉና ቤቱ ከመያዣ ነጻ መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ደብዳቤው ከክፍያ በፊት እንዴት እንደሚመረመር፣ ስሕተቱም በምን እንደሚታወቅ በአንድ ምሳሌ ያስረዳል።

ምሳሌው ለማስረዳት የተቀናበረ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ላንቻ ሠፈር ቤት ያላት አንዲት ነጋዴ፣ ቤቷን አስይዛ ከባንክ ተበድራለች እንበል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው። የመጨረሻውን ወርኃዊ ክፍያ የፈጸመችው ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቤቱን የሚገዛ ሰው ስላገኘች የመዝጊያ ደብዳቤ ጠየቀች። ደብዳቤው የተጻፈው ጳጉሜን 4 ቀን ሲሆን፣ ሂሳቡ የተሠራው እስከ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በውስጡም ዋና ብድር 1,460,000 ብር፣ የተጠራቀመ ወለድ 15,600 ብር፣ ባንኩ ለቤቱ የእሳት መድን የከፈለው 4,850 ብር፣ በድምሩ 1,480,450 ብር ሰፍሯል። በመጨረሻም «ከመስከረም 6 በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 600 ብር ይጨመራል» ይላል።

፩. ዋናው ብድር

የምርመራው መነሻ ዋናው ብድር ነው፤ ወለዱም የቀን ሂሳቡም የሚሰሉት በእርሱ ላይ ነውና። ይህ አኃዝ ከባንኩ የሂሳብ መግለጫ ጋር መመሳከር አለበት። በምሳሌያችን ከነሐሴ 15ቱ ክፍያ በፊት የነበረው ቀሪ 1,471,700 ብር ነበር። ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 15 ያለው 30 ቀን ነው፤ የዚህ ጊዜ ወለድ ሳንቲሙ ሲተው 18,144 ብር ይሆናል። ነጋዴዋ የከፈለችው 29,844 ብር ስለሆነ፣ ወለዱ ሲነሣ ከዋናው ብድር የተቀነሰው 11,700 ብር ነው። ቀሪው 1,460,000 ብር መሆኑም ከደብዳቤው ጋር ይስማማል።

በዚህ ቦታ ሁለት ስሕተቶች ይፈለጋሉ። አንደኛው የመጨረሻው ክፍያ ሳይመዘገብ ደብዳቤው መጻፉ ነው። ደብዳቤው 1,471,700 ብር ቢል ኖሮ፣ የነሐሴው ክፍያ እንዳልተያዘ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ ይሰወራል፤ በጊዜው ያልተከፈለ ወለድ ቀደም ብሎ በዋናው ብድር ላይ ተደምሮ ሳለ፣ «የተጠራቀመ ወለድ» በሚለው መስመር እንደገና ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የደብዳቤው ዋና ብድር በመጨረሻው ክፍያ ዕለት ከነበረው ቀሪ በልጦ ከተገኘ፣ ብልጫው ምን እንደሆነ ባንኩ በጽሑፍ እንዲያብራራ መጠየቅ ይገባል።

፪. የተጠራቀመው ወለድና የቀናት ቆጠራ

የቀን ወለዱ ዋናው ብድር በዓመቱ ወለድ ተባዝቶ በ365 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ1,460,000 ብር 15 በመቶ 219,000 ብር ነው፤ ይህ በ365 ሲካፈል 600 ብር ይሆናል። የተጠራቀመው ወለድ በቀን ወለዱ ሲካፈል ደግሞ ባንኩ የቆጠረው የቀን ብዛት ይወጣል፤ 15,600 በ600 ሲካፈል 26 ቀን ነው።

ቀጥሎ 26ቱ ቀን በእጅ ይቆጠራል። ከነሐሴ 15 እስከ ነሐሴ 30 ያለው 15 ቀን፣ የ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ መስከረም 6 ቀን፤ በድምሩ 26። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባው በጳጉሜን ነው። ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርጎ፣ ከነሐሴ በቀጥታ ወደ መስከረም የሚሻገር ሰው 21 ቀን ብቻ ይቆጥርና 3,000 ብር ያጎድላል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ቆጠራው በአንድ ቀን ይጨምራል። ማረጋገጫው ሁለቱን ቀኖች ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሶ መቁጠር ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2016 ኦገስት 21 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኦገስት ቀሪው 10 ቀን ከሴፕቴምበሩ 16 ቀን ጋር ሲደመር 26 ይመጣል። ከመነሻውና ከመድረሻው ቀን የሚቆጠረው አንዱ ብቻ መሆኑም መታየት አለበት፤ ሁለቱም ከተቆጠሩ የአንድ ቀን ወለድ በትርፍ ይከፈላል።

፫. የቀን ሂሳቡ

በቀን የሚጨመረው ገንዘብ ከውሉ ወለድ ጋር መስማማቱን ለማወቅ፣ በ365 አባዝቶ ለዋናው ብድር ማካፈል ይበቃል። 600 በ365 ተባዝቶ ለ1,460,000 ሲካፈል በትክክል 15 በመቶ ይሰጣል። ደብዳቤው 608 ብር ከ33 ሳንቲም ቢል ግን ውጤቱ 15.21 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ልዩነት ዓመቱ 360 ቀን ተደርጎ የተሰላ መሆኑን ያመለክታል። አሰላሉ ስሕተት የሚባለው ውሉ የማይፈቅደው ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ዳኛው የብድር ውሉ ነው። ባንኩ በመካከሉ የወለዱን ምጣኔ ለውጦ ከሆነም፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉት ቀኖች ተለያይተው መሰላት አለባቸው።

በአንድ ደብዳቤ ሦስት ቀኖች ሊኖሩ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም፤ ደብዳቤው የተጻፈበት፣ ሂሳቡ የተሠራበትና ደብዳቤው የሚያገለግልበት የመጨረሻ ቀን። ዕዳውን የሚወስነው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ገንዘቡ በብድሩ ሂሳብ ውስጥ የገባበት ቀን ነው።

በምሳሌያችን ችግሩ የተፈጠረው በዚህ ቦታ ነው። ገዢው የደብዳቤውን ጠቅላላ ድምር 1,480,450 ብር በሌላ ባንክ ቼክ ሰጠ። ቼኩ ሐሙስ መስከረም 9 ቀን ገቢ ተደረገ፤ ተጣርቶ በብድሩ ሂሳብ የተመዘገበው ግን ሰኞ መስከረም 13 ቀን ነው። ከመስከረም 6 እስከ 13 ያለው 7 ቀን 4,200 ብር ወለድ ወልዷል። በዚያ ዕለት ዕዳውን ይዘጋ የነበረው 1,484,650 ብር ነው።

የጎደለው 4,200 ብር ከወለዱ ብቻ እንደቀረ ማሰብ ስሕተት ነው። በተለመደው የክፍያ አመዳደብ ገንዘቡ አስቀድሞ ወጪን፣ ቀጥሎ ወለድን፣ በመጨረሻ ዋናውን ብድር ይከፍላል። ስለዚህ 4,850 ብር ለመድኑ፣ 19,800 ብር ለ33 ቀን ወለድ ውሎ፣ ለዋናው ብድር የተረፈው 1,455,800 ብር ነው። ያልተከፈለው 4,200 ብር ዋና ብድር ሆኖ ቀረ፤ በቀን 1 ብር ከ73 ሳንቲም ያህል ወለድም መውለዱን ቀጠለ።

፬. የመያዣው መልቀቅ

ይህ ትንሽ ቀሪ ቤቱን ሁሉ አስሮ ያቆየዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የማይከፋፈል ነው፤ ዕዳው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ቢከፈልም ቤቱ በሙሉ ለቀሪው መያዣ ሆኖ ይቆያል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ፣ ውሉ ይህን ከፈቀደ፣ ባንክ የመክፈያው ጊዜ ያለፈበትን ዕዳ ለማስመለስ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ባንክ ለ4,200 ብር ቤት ይሸጣል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን መያዣው በመዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ገዢው ከዕዳ የጠራ ስም ማግኘት አይችልም።

ዕዳው በሙሉ ቢከፈል እንኳ መዝገቡ በራሱ አይጠራም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ኃይል የሚያገኘው በመመዝገቡ ስለሆነ፣ ለሦስተኛ ወገን ነጻነቱ የሚታየውም ምዝገባው ሲሰረዝ ነው። ስለዚህ ባንኩ ለባለዕዳዋ «ዕዳ የለብሽም» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ይዞታውን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት የተጻፈ፣ መያዣው እንዲሰረዝና እገዳው እንዲነሣ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በዚህኛው ደብዳቤ የቤቱ ባለቤት ስም፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ቁጥር፣ የቤቱ አድራሻና መያዣው የተመዘገበበት ቀንና ቁጥር በመዝገቡ እንዳለው ሆኖ መስፈር አለበት። አንድ አኃዝ ቢሳሳት መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ሊመልሰው ይችላል።

የመዝጊያ ደብዳቤው ስለ መልቀቁ የሚጠቀመው ቃልም ይመዘናል። «ከላይ የተገለጸው ገንዘብና የቀን ወለዱ ሲከፈል ባንኩ መያዣውን ይለቃል» የሚለው ግዴታ ነው፤ «ጉዳዩን ይመለከተዋል» የሚለው ግን ግዴታ አይደለም። እንዲሁም አንዳንድ የመያዣ ውሎች ቤቱን የሚያስይዙት ለአንድ ብድር ብቻ ሳይሆን፣ ባለዕዳው በዚያው ባንክ ላለበት ሌላ ዕዳ ወይም ለሌላ ሰው ለገባው ዋስትና ጭምር ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ፣ ይህ ብድር መዘጋቱ ብቻ ቤቱን አያስለቅቅም፤ ቤቱን የያዘ ሌላ ዕዳ አለመኖሩን ባንኩ በዚያው ደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ከክፍያው በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በምሳሌያችን መፍትሔው ቀላል ነበር። ቼኩ ገቢ ሲደረግ ለማጣሪያው የሚያስፈልጉት ቀኖች በ600 ብር ተባዝተው አብረው ቢከፈሉና ትርፉ ለባለዕዳዋ እንዲመለስ በጽሑፍ ስምምነት ቢያዝ፣ ሂሳቡ በመስከረም 13 ይዘጋ ነበር። አሁን ግን ነጋዴዋ 4,200 ብሩንና በላዩ የወለደውን ከፍላ፣ የብድሩ ቀሪ ዜሮ መሆኑን የሚያሳይ መግለጫ፣ ለመዝገብ ቤቱ የተጻፈውን ደብዳቤና በባንኩ እጅ ያለውን ዋናውን ካርታ መቀበል ይኖርባታል። ጉዳዩ ተፈጸመ የሚባለውም እነዚህን ይዛ ከባንኩ ስትወጣ ሳይሆን፣ በመዝገቡ ላይ የመያዣው ምዝገባ መሰረዙን የሚያሳይ ማስረጃ ስታገኝ ነው።