«ትልቁ ድክመትህ ምንድን ነው?»

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ነጌሌ ቦረና፣ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ሞያሌ ተመልሶ በአንድ የተራድኦ ድርጅት ለመቀጠር የሚፈተን ተማሪ ይህ ጥያቄ ሳይደርስበት አይቀርም። ጥያቄው ሲመጣ ከመካከላችን የሚበልጠው ሰው መልሱን አስቀድሞ በቃሉ ይዞታል፤ ይኸውም «ሥራ ከጀመርሁ ዕረፍት አላውቅም» ወይም «ጥራት ስለምወድ ጥቂት እዘገያለሁ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴዘር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲመልሱ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ ጥንካሬያቸውን ድክመት አስመስለው ጻፉ፤ መልሱን ያነበቡት ገምጋሚዎች ግን ለመቅጠር ይበልጥ ያዘነበሉት እውነተኛ ድክመት ወደ ተናገሩት ነበር።

በእኛ አገር ሌላም መሸሻ አለ። «ድክመቴማ ብዙ ነው፤ ሰው ነኝና» ይባላል። ትሕትና ይመስላል እንጂ አንዲት ነገር እንኳ አልተነገረችበትም።

ሁለቱም መልሶች የሚወድቁት በአንድ ቦታ ነው። ፈታኙ ቀጥሎ «መቼ? በምን ሥራ ላይ? ማን ነገረህ?» ሲል፣ የተሰፋው መልስ ቀንም ቦታም ስለሌለው ተፈታኙ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በሌላ ቃል ይደግማል። ያን ጊዜ ፈታኙ የሚያዳምጠው ሰው ሳይሆን ወረቀት መሆኑን ያውቃል። በነጌሌ ደግሞ ከፈታኞቹ አንዱ የአጎትህ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ስለ አንተ ከአንተ በፊት ሰምቶ ይሆናል።

አሁን አንድ ተፈታኝ እናስብ። ልጁ ያደገው በነጌሌ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ፣ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ነው። ኦሮምኛ ይናገራል፤ ነገር ግን የገበያ ኦሮምኛ ነው እንጂ የከብት ጠባቂው አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ፣ እየዞረ በየቤተሰቡ የተረፈውን ከብት እንዲመዘግብ ለጊዜው ተቀጥሮ ነበር። የቦረና ሽማግሌ ከብቱን ቆጥሮ መናገር አይወድም፤ ስለዚህ በዙሪያ ጥምጥም ይናገራል። አንዱ ሽማግሌ ስለ ራዳዎቹ ሲያወሩ ልጁ ቃሉ አልገባውም፤ መጠየቅ አሳፈረውና ራሱን ነቀነቀ፤ አምስት የምትታለብ ላም ብሎም ጻፈ። ራዳ ግን ገና ያልወለደች ጊደር ናት፤ ወተት የላትም። ተቆጣጣሪው ነገሩን የደረሰበት ከወተቱ ዐምድ ነበር፤ በአምስት ላሞች ፊት የተጻፈው ወተት ለሻይ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ተመልሰው ባይጠይቁ ኖሮ ያ ቤት እርዳታ ከማያስፈልጋቸው ጋር ይመደብ ነበር።

ይህ ልጅ ሲጠየቅ «ድክመቴ ቋንቋ ነው» ቢል ግማሽ እውነት ነው፤ ቋንቋ ይማሩታል። ድክመቱ ያልገባውን እንደ ገባው ሆኖ መንቀነቁ ነው። እንዲህ ቢልስ?

«ሽማግሌ ሲያናግረኝ ያልገባኝን መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። በዚህ ምክንያት አምስት ጊደሮችን የምትታለብ ላም ብዬ መዝግቤ፣ ተቆጣጣሪዬ ከወተቱ ቁጥር አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ከመውጣቴ በፊት የጻፍሁትን በቃሌ መልሼ እነግራቸዋለሁ፤ ሲስቁብኝ አርማለሁ። ሰው ሲበዛ ግን ዛሬም ያፍረኛል።»

የመጨረሻይቱ ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው የሚቆርጣት ናት። «አሁን ግን ፈጽሜ አሸንፌዋለሁ» ብሎ መዝጋት ይቀናናል፤ እኔ እንደሚመስለኝ መልሱን የሚያበላሸው ይኸው ነው፤ የተሸነፈ ድክመት ድክመት አይደለምና። ልጁ እዚያ ላይ ዝም ይበል፤ ዝምታውን ፈታኙ ይሙላው።

እርግጥ ነው፣ መልሱ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ሥራው ብቻውን ወደ ፎራ እየወረደ የሚመዘግብ ከሆነ ፈታኙ ሊተወው ይችላል፤ በመተውም አይወቀስም። ከሌላ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ከሆነ ግን ቦረንኛ በሚገባ ከሚያውቅ ጋር ያጣምረዋል። ድክመቱ የሥራውን ዋና ነገር የሚያፈርስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሒሳብ የሚያስጠላው ሰው ለገንዘብ ያዥነት ቢፈተን፣ መፍትሔው መልሱን ማሳመር ሳይሆን ሌላ ሥራ መጠየቅ ነው። የቤት ገመናና የጤና ጉዳይ ደግሞ በጥያቄው ውስጥ አይገቡም።

የተጠና እንዳይመስል ዐረፍተ ነገሩን አለመጻፍ ይሻላል። ሦስት ነገር ብቻ ይታወስ፤ የሆነው ነገር፣ ማን እንደ ደረሰበት፣ አሁን የሚደረገው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ በባዕድ ቋንቋ ስንጨነቅ አፋችን የሚያገኘው የሸመደድነውን ነውና። ስለዚህ አስቀድሞ ለመኝታ ቤት ጓደኛ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተረክለት፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ይሞከር። በየጊዜው ቃሉ ከተለዋወጠና ጊደሮቹ አምስት ሆነው ከቀሩ፣ ነገሩ ገብቶታል።