የሚያፈስ ጣሪያና የጥገና አንቀጽ፦ ተከራይ ለአከራይ የሚጽፈው ደብዳቤ

በቂርቆስ መንደሮች ውስጥ ጣሪያ ሲያፈስ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ ለአከራዩ በቃል ይናገራል። «እማማ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» ይላል፤ «እሺ ልጄ፣ ሰው እልካለሁ» ይባላል። ብዙ አከራዮች ቃላቸውን ይጠብቃሉ፤ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። ቃሉ ሳይጠበቅ ሐምሌ ሲገባ ግን ተከራዩ መቼ እንደተናገረና አከራይዋ ምን እንደመለሱ የሚያሳይ ነገር በእጁ አይኖርም። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሥራውም ብሶት መናገር አይደለም፤ በሕግ ቋንቋ አከራይን ማስጠንቀቅ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ላይ አንድ ተዋዋይ ሌላው ውሉን አልፈጸመልኝም ብሎ ከመክሰሱ በፊት እንዲፈጽምለት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ቁጥር 1773 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም የጠያቂውን ፈቃድ በግልጽ በሚያሳይ በሌላ ማናቸውም ድርጊት ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ በቃል መናገርም ከሕጉ ውጭ አይደለም፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የአከራዩ ዝምታ ትርጉም ያገኛል፤ ከዚያ በፊት ግን «አላወቅኩም ነበር» ማለት ይችላሉ።

ደብዳቤውን ከመጻፍ በፊት ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። የእኛ የኪራይ ውሎች አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹ በአንድ ገጽ ያልቃሉ። ተከራይና አከራይ ሊከራከሩባቸው የሚችሉ ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገሮች በውስጣቸው ይገኛሉ። አንደኛው «ተከራይ ቤቱን እንደተረከበ አድርጎ ያስረክባል» የሚለው ነው። አከራይ ይህን ይዘው «እንግዲህ ጥገናው ያንተ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ይህ ግን ትክክለኛ ንባብ አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ የሚናገረው ውሉ ሲያበቃ ስለሚደረገው ርክክብ ነው። በሠላሳ ዓመት ዝገት የተበሳ ቆርቆሮ ተከራዩ ሲረከብም የተዳከመ ነበር፤ እንደተረከበው ማስረከብ ማለት አዲስ ጣሪያ አልብሶ መሄድ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ትክክለኛው የጥገና አንቀጽ ነው። ለትምህርታችን በውሉ አንቀጽ 6 ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ቤቱ በአገልግሎት ብዛት ወይም ከተከራይ ጥፋት ውጭ በሆነ ምክንያት ሲበላሽ አከራይ ያስጠግናል፤ በተከራይ አጠቃቀም ለሚደርስ ብልሽት ጥገናውን ተከራይ ያደርጋል።» ይህ አንቀጽ ጣሪያን በስሙ አይጠራም። የሚመዝነው የተበላሸውን ነገር ሳይሆን የብልሽቱን ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ምክንያቱን ማሳየት ይኖርበታል። «ጣሪያው ያፈሳል» ብቻ ብሎ የሚያቆም ደብዳቤ ከአንቀጹ ጋር አልተገናኘም።

ውሉ ስለ ጥገና ምንም ካላለስ? ያኔ ክፍተቱን ሕጉ ይሞላዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት ኪራይ ክፍል ጥገናን በሁለት ይከፍላል። በር፣ መስኮት፣ የወለል ሳንቃና የውኃ ቧንቧን የመሳሰሉ በየዕለቱ የሚነኩ ነገሮች ላይ የሚደረገው ጥገና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በተከራይ ላይ ይወድቃል። እነዚህም ቢሆኑ የተበላሹት በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ብቻ ከሆነ ወደ አከራይ ይመለሳሉ። ጣሪያ በየዕለቱ ከሚነኩት ነገሮች ጋር አይቆጠርም፤ ቤቱን ቤት የሚያደርገው አካል ስለሆነ በአከራይ ላይ ይቀራል። ተከራዩ አንቴና ሲሰቅል ቆርቆሮውን ከበሳው ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደብዳቤ ሊጽፍ አይገባውም፣ ሊያስጠግን ይገባዋል።

እዚህ ላይ ቆርቆሮውን መመርመር ይመጣል። ሰኔ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይቋጠርና ጠዋት ይንጠባጠባል፤ ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ይህ ፍሳሽ ይመስላል። ዝናብ ሳይጥል የሚንጠባጠብ ከሆነና ነጠብጣቡ በክፍሉ ሁሉ የተበታተነ ከሆነ ቀዳዳ የለም፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። እውነተኛ ፍሳሽ ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፤ በተወሰነ ቦታም ይደጋገማል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ግን የግድ ቀዳዳው ያለበት ቦታ አይደለም፤ ውኃው በማገሩ ላይ ተንሸራትቶ ራቅ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተከራዩ በደብዳቤው «እዚህ ጋ ተበስቷል» ብሎ ከመወሰን ውኃው የሚወርድበትን ቦታና የወረደበትን ቀን ቢጽፍ ይሻላል። ምስማሩ መላላቱን፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተደራረበበት ቦታ መከፈቱን ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውኃው ወደ ውስጥ መመለሱን የሚለየው ጣሪያው ላይ የሚወጣው ባለሙያ ነው። የአሸንዳውን ቅጠል ግን ተከራዩ አስቀድሞ ቢጠርግ ከአንድ ክርክር ይድናል።

አሁን ደብዳቤውን እንጻፍ። ተከራዩ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ጀርባ ባለ ሰርቪስ ቤት ይኖራል እንበል።

«ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ አከራዬ ወይዘሮ (ሙሉ ስም)
ከ፦ ተከራይ (ሙሉ ስም)
ጉዳዩ፦ የሚያፈሰውን ጣሪያ በውላችን አንቀጽ 6 መሠረት እንዲያስጠግኑልኝ ስለመጠየቅ

መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ባደረግነው ውል በግቢዎ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የሰኔን ጨምሮ ኪራይ ከፍያለሁ። ግንቦት 28 እና ሰኔ 1 ቀን በጣለው ዝናብ በመኝታ ክፍሉ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጥግ ውኃ ገብቷል። ኮርኒሱ ረጥቦ ጎብጧል። ውኃው ወደ መብራቱ ገመድ ስለቀረበ የክፍሉን መብራት አጥፍቻለሁ፤ ዕቃዬንም ወደ ሌላው ክፍል አውጥቻለሁ። ከውጭ ሲታይ በዚያ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዝጓል፤ እኔ በጣሪያው ላይ ያሠራሁትም ሆነ የሰቀልኩት ነገር የለም። የውላችን አንቀጽ 6 በአገልግሎት ብዛት የሚደርስን ብልሽት አከራይ እንደሚያስጠግን ስለሚናገር፣ እስከ ሰኔ 8 ቀን ባለሙያ ይዘው እንዲመለከቱልኝ፣ እስከ ሰኔ 18 ቀንም ጥገናው እንዲጠናቀቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዘወትር ከ11 ሰዓት በኋላ ቤት ስለምገኝ በር እከፍታለሁ። ጥገናው በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልተከናወነ በሕግ የተሰጠኝን መብት ለመጠየቅ እገደዳለሁ። የፎቶግራፍ ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ (ስምና ፊርማ)»

ኪራዩ መከፈሉ ገና በደብዳቤው መጀመሪያ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥር 1757 የሌላውን ግዴታ መጠየቅ የሚችለው የራሱን የፈጸመ ወይም በጊዜው ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ ተዋዋይ እንደሆነ ያስተምራል። ሁለት ወር ያልከፈለ ተከራይ የሚጽፈው የጣሪያ ደብዳቤ ወዲያው ወደ ኪራይ ክርክር ይዞራል። መብራት መጥፋቱና ዕቃ መነሣቱም የተጻፉት ተከራዩ ጉዳቱ እንዳይሰፋ የቻለውን ማድረጉን ለማሳየት ነው፤ አልጋውን ከሚንጠባጠበው ውኃ ሥር ትቶ በኋላ የፍራሽ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይሰማም። «በር እከፍታለሁ» የሚለውም «ሠራተኛ ልኬ ነበር፣ ቤት አልነበረም» ለሚለው ሰበብ ከወዲሁ መልስ ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው የጊዜ ገደቡ ነው። ቁጥር 1774 ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሰው የጊዜ ገደብ ሊወስን እንደሚችል፣ ገደቡም ከነገሩ ሁኔታ ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ይናገራል። «በ24 ሰዓት ውስጥ» የሚል ደብዳቤ ጠንካራ ቢመስልም ገደቡ ከመጠን ያነሰ ስለሆነ ደካማ ነው። «በተቻለ ፍጥነት» የሚለው ደግሞ ምንም ገደብ የለውም። ቆርቆሮ መግዛትና ሠራተኛ መፈለግ ቀናት ይፈልጋል፤ ክረምቱ ግን አይጠብቅም፤ ሁለት ሳምንት አካባቢ ለዚህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳኛም የሚያየው ይህንኑ ሚዛን ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱን አከራይዋ ይቀበሉ፤ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ከቀን ጋር ይፈርሙ። ለመፈረም ፈቃደኛ ካልሆኑ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክር ይዞ መስጠት ወይም ፖስታ ቤት ሄዶ በሪኮማንዴ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ይበቃል። በስልክ የተላከ የጽሑፍ መልእክትም ይጠቅማል፤ በተለይ መልስ ከተሰጠበት።

ጊዜው ቢያልፍና ጥገናው ባይደረግ ተከራይ መጀመሪያ የሚያስበው ኪራዩን መያዝ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ በራሱ እጅ ለአከራዩ የማስወጫ ምክንያት ይሰጣል። ቀናው መንገድ ቁጥር 1777 ነው፦ ሥራውን ራሱ እንዲያሠራና ወጪውን አከራዩ እንዲሸፍኑ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሰጠው መጠየቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው የተፈረመው ቅጂ፣ ውሉ፣ የኪራይ ክፍያ ማስረጃው፣ ፎቶግራፉና የባለሙያ የዋጋ ግምት ነው። አከራይዋ በጽሑፍ «አሠራና ከኪራዩ ቀንስ» ካሉ ግን ፍርድ ቤት መሄድ አያሻም፤ ያ ወረቀት ራሱ ስምምነት ነው።

«ከጻፍኩ ያስወጡኛል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ተከራይ ዝም ብሎ የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይረዳል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። የተመዘገበ ውልና የባንክ ደረሰኝ ያለው ተከራይ ደብዳቤውን የሚጽፈው ከሌሎቹ በተሻለ ልበ ሙሉነት ነው። ውሉ በወረዳው ካልተመዘገበ ምዝገባውን ከደብዳቤው አስቀድሞ መጨረስ ይመረጣል።

በካዛንቺስና በቂርቆስ የሚኖር ሁሉ ግን የግል አከራይ የለውም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ኪራዩ ለዘመናት ዝቅ ብሎ ቆየ፤ ጥገናውም በተግባር በነዋሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደብዳቤውን ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሲጽፍ ሁለት ነገር አብሮ ይጠይቃል፦ ቤቱ እንዲጠገን፣ ካልተቻለ ደግሞ ራሱ እንዲያሳድስ በጽሑፍ እንዲፈቀድለት። ፈቃዱን ሳይዝ ጣሪያውን ከነካ ሥራው ሕገ ወጥ ግንባታ ሊባል ይችላል።

የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። በዚያ አካባቢ ባለ የግል ቤት «ሊፈርስ ነው፣ ለምን አስጠግናለሁ?» የሚል አከራይ ይገጥማል። ኪራይ እስከተቀበሉ ድረስ የጥገና ግዴታው አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ወራት ብቻ ለቀሩት ቤት ሙሉ ቆርቆሮ እንዲቀየር መጠየቅ ተመጣጣኝ አይደለም። በእንዲህ ያለው ቤት ደብዳቤው ቀዳዳው እንዲደፈን፣ ካልተቻለ በሸራ እንዲሸፈን፣ መኝታ ክፍሉ ለኑሮ ካልሆነም ኪራዩ በዚያው ልክ እንዲቀነስ ይጠይቅ፤ የአንቀጽ 6 ጥቅስና የጊዜ ገደቡ ግን እንዳሉ ይቆዩ።