ለአለቃ የተጻፈው ኢሜይል ለባልደረባ ሲደርስ

ጥያቄ፦ ሆመቾ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ስለ አንዲት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ለአለቃዬ የጻፍኩት ኢሜይል በስም ለሚመሳሰለው ባልደረባዬ ሄደ። ይቅርታውን እንዴት ልጻፍለት?

መልስ፦ መልእክቱን መመለስ ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ይወቁ። ጂሜይል መላክን ለመሰረዝ ቢበዛ 30 ሰከንድ ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በተቀባዩ እጅ ነው። ስለዚህ የይቅርታው ዋና ሥራ ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ማድረግ ነው። የተሳሳተውን መልእክት ከሥር ሳያያይዙ አዲስ ኢሜይል ይክፈቱና እንዲህ ይጻፉ፦ «ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የላክሁልዎት ኢሜይል ለሌላ ሰው የተጻፈ ነበር። አድራሻውን ሳላረጋግጥ በመላኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ስላለበት፣ ለማንም ሳያስተላልፉ ከመልእክት ሳጥንዎና ከተሰረዙት መካከል ቢያጠፉትና ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።» የሕመሙን ነገር አይድገሙ፤ ማብራሪያ ባከሉ ቁጥር ምስጢሩን ዳግም ይገልጣሉ።

«ዝም ብል ላያነበው ይችላል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ነገር ግን ባልደረባዎ ለእሱ የተላከ መስሎት ለሌሎች ቢያስተላልፈው የሚከለክለው ነገር የለም። «በአካል ብነግረው አይሻልም?» ለሚለውም፣ ቢሮው ቅርብ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ጽሑፉ ግን እንዲያጠፋ መጠየቅዎን በማስረጃነት ያስቀራል። ከሁሉ በላይ ይቅርታ የሚገባት ሠራተኛዋ ናት፤ ምስጢሯ ማን ዘንድ እንደደረሰ ከእርስዎ ትስማ፣ አለቃዎም ይወቁ።