መዓዛ ስላለው የብርቱካን ጌጥ፤ ድርቀቱ በሚዛን የሚታወቅበት ዘዴ

በአውሮፓ አገሮች የልደት በዓል በሚደርስበት ወራት በገና ዛፍና በቤት መዝጊያ ላይ ከሚንጠለጠሉት ጌጦች አንዱ ክብ ሆኖ ተቆርጦ የደረቀ ብርቱካን ነው፤ ከእርሱም ጋራ ቀረፋና ቅርንፉድ ስለሚታሰር ለዓይን ከማማሩ በላይ ቤቱን ያውደዋል። በአዲስ አበባም ለገና በዓል ይህን ጌጥ አሠርቶ ለመሸጥ የሚፈልግ ባለሱቅ ሦስቱንም ዕቃዎች በቅርብ ያገኛቸዋል። ነገር ግን ጌጡ ከተሸጠ በኋላ በገዢው ቤት የሻገተ እንደ ሆነ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ የሱቁም ስም ይጎድፋል። የዚህ ጉዳት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም በፍሬው ውስጥ ተሰውሮ የቀረ ውሃ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ጠንከር ያለ፥ ቅርፊቱ ያልቆሰለ ብርቱካን ነው። ታጥቦ ከተወለወለ በኋላ በስለታም ቢላዋ ወርዱን ይዞ በ5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ከዚህ የሳሳው ሲደርቅ ይጣመማል፤ የወፈረው ደግሞ መካከሉ ሳይደርቅ ጠርዙ ይጠቁራል። የተቆረጠው ሁሉ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ባንድ ጊዜ አይደርቅም። በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ጭማቂው ከተመጠጠ በኋላ የሲባጎውና የቅርንፉዱ ቀዳዳ በዚሁ ጊዜ በወፍራም መርፌ ይበሳል፤ ከደረቀ በኋላ የሚበሳ ፍሬ ይሰነጠቃልና።

ቁራጮቹ ሳይነካኩ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ተዘርግተው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ፎርኖ ውስጥ ይገባሉ። እንፋሎቱ እንዲወጣ የፎርኖው በር በጥቂቱ ገርበብ ይላል፤ ቁራጮቹም በየግማሽ ሰዓቱ ይገለበጣሉ። ሥራው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ለማፍጠን ሲባል እሳቱ የበረታ እንደ ሆነ የፍሬው ስኳር ይቃጠልና ብርቱካንማው ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቅርፊቱ ገና እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ሳለ ቅርንፉዱ በቀዳዳው ይሰካል፤ ፍሬው ሲደርቅ ስለሚኮማተር አጥብቆ ይይዘዋል።

እጅ ሲነካው የደረቀ መምሰሉ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ የታመነው ዳኛ ሚዛን ነው። ብርቱካን ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ነጋዴ 2 ኪሎ ግራም ቁራጭ አደረቀ እንበል። ውሃው ሁሉ ቢወጣ የሚቀረው 260 ግራም ገደማ ነው፤ ጥቂት እርጥበት ስለማይቀር ግን በሚገባ የደረቀው 290 ግራም ያህል ይመዝናል። ነጋዴው ሲመዝነው 400 ግራም ቢያገኝ 140 ግራሙ ውሃ ነው ማለት ነው፤ ይህም ከሲሶው የሚበልጥ ስለሆነ ዕቃው መሻገቱ አይቀርም። ብርቱካን ሁሉ ውሃው እኩል ስላልሆነና የተመጠጠውም ጭማቂ ስለሚጎድል ይህ ሒሳብ ግምት ነው። ስለዚህ ቅርንፉዱ ሳይሰካባቸው የቀሩ ጥቂት ቁራጮች ለብቻ ይያዙና ዛሬና ነገ ይመዘኑ፤ ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ድርቀቱ ተፈጽሟል። እንዲሁም ከሌሎቹ ጥቂቱ በብርጭቆ ማሰሮ ተከድኖ 2 ቀን ሲቆይ ብርጭቆው ላብ ካወጣ ዕቃው ሁሉ ወደ ፎርኖ ይመለሳል።

ቀረፋ ሲገዛ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የሲሎን ቀረፋ ስስ ልጦች ተደራርበው የተጠቀለሉበት ስለሆነ ሲታሰር በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ካሲያ የሚባለው ግን ልጡ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ለጌጥ የሚሻለው እርሱ ነው። ቅርንፉዱም ራሱ ያልተቆረጠ ይሁን፤ በጥፍር ሲጫኑት ዘይት ካላወጣ መዓዛው አልቋል። የቅርንፉድ ዘይት ሻጋታን ጥቂት ቢያዘገይም እርጥብ ፍሬን ከመሻገት አያድንም።

የተሠራው ጌጥ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ወረቀት በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ፥ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። ትኩሱን በላስቲክ ከረጢት ማሰር ላቡን በላዩ ማስቀረት ነው። ቨርኒሽ የሚቀቡም አሉ፤ ነገር ግን ቨርኒሹ መዓዛውን ያፍናል፥ ያልደረቀውንም ውሃ በውስጡ ይዘጋበታል። በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ጌጡ በክረምት ወራት እንደገና ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ በ80 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ቢሞቅ ይታደሳል። ሻጋታ የታየበት ግን ተለይቶ ይጣል እንጂ አይታደስም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው አየር ደረቅ በመሆኑ ሥራውን በኅዳር የጀመረ ባለሱቅ፥ ዕቃውን ሁለት ጊዜ መዝኖ ለታኅሣሥ 29 በዓል ለማድረስ በቂ ቀን ይኖረዋል።