«ኮልቾ» ብዬ ልሰይመው?

ጥያቄ፦ ጂንካ ላይ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት ልከፍት ነው። እንግዶቼን በብዛት የምወስደው ወደ ካሮዎች መንደር ወደ ኮልቾ ስለሆነ «ኮልቾ አስጎብኚ» ልበለው?

መልስ፦ ብቻውን አልመክርዎትም። ኮልቾ የቦታ ስም ነው፤ ነገ ሌላው «ኮልቾ ሎጅ» ቢል እንግዳ ያምታታችኋል። በዚያ ላይ አንዱ Kolcho፣ ሌላው Korcho ብሎ ይጽፈዋል፤ እርስዎን የፈለገ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል።

ከፊቱ የራስዎን ቃል ያስቀድሙ። «ጨረቃ» ውብ ነው፤ ግን ጨ እና ቀ በፈረንጅ አፍ ይለሰልሱና «ቸረካ» ይሆናል። «ማለዳ» ግን በአማርኛም በፈረንጅ አፍም ያው ማለዳ ነው። ስሙን በስልክ ለአምስት ሰዎች ይንገሩና በእንግሊዝኛ ፊደል ያስጽፏቸው፤ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከመጣ ይተዉት።

የመረጡት ስም ቀድሞ መያዙን ወይም ከተያዘ ስም ጋር መመሳሰሉን ንግድ ቢሮ ያጣሩ። «ማለዳ» የተለመደ ቃል ስለሆነ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ተለዋጭ ይያዙ። የንግድ ስም መመዝገብ የንግድ ምልክት ጥበቃ አይሰጥም፤ ምልክቱ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለብቻው ይመዘገባል። ታፔላ የሚያሠሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።