«ማንበብ አልወድም» ለሚል ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም መምረጥ፦ የደሴን ተመልካች መነሻ ያደረገ የአመራረጥ ዘዴ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የውጭ ቋንቋ ፊልምና ድራማ ለሰፊው ተመልካች የሚደርሰው በአብዛኛው በአማርኛ ድምፅ ተተክቶ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በዚህ መንገድ በየቤቱ አስገብቷል። በዚህ ልማድ ያደገ ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ያለው ፊልም ሲቀርብለት «ማንበብ አልወድም» ብሎ ቢመልስ አያስገርምም። መልሱ እንደ ወረደ ከተወሰደ ግን በአማርኛ ድምፅ ያልተሠራ ፊልም ሁሉ ለዚያ ሰው ዝግ ይሆናል። ይህ አጭር ጽሑፍ አባባሉ ብዙውን ጊዜ ሌላ፣ ሊለይ የሚችል ችግር የሚሸፍን መሆኑን ያስረዳል፤ የመጀመሪያው ፊልም በምን መስፈርት መመረጥ እንዳለበትም ያሳያል።

ቅሬታው ምንን ይሸፍናል?

በቤልጂየም የሌቨን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዤሪ ዲደዋልና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት የግርጌ ጽሑፍ ያልለመዱ አሜሪካውያን በገዛ ቋንቋቸው የሚነገር ፊልም ሲያዩ እንኳ ከግርጌ የተጻፈውን በማንበብ ብዙ ጊዜ እንደሚያጠፉ አሳይተዋል። ድምፁን እየሰሙና እየተረዱ ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ ዓይናቸው ግን ወደዚያው ይሄድ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለአመራረጡ መሠረት ነው። ጽሑፉ ለተመልካቹ ከፈጠነ ወይም በደንብ በማይችለው ቋንቋ ከተጻፈ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ዓይኑ ይሳባል፣ ሳይጨርስ ጽሑፉ ይጠፋል፣ በዚህ መካከል ሥዕሉም ያመልጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሚጠላው ማንበብን ሳይሆን ጀምሮ አለመጨረስን ነው።

በደሴ ለሚኖር ተመልካች ይህ ጫና ድርብ ይሆናል። በቀላሉ የሚገኘው የግርጌ ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ተመልካቹ የማያውቀውን ቋንቋ እየሰማ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው በፍጥነት እንዲያነብ ይጠየቃል።

በጆሮ የሚታገዝ ምርጫ

ለማብራሪያ ያህል፣ በሪያድ በቤት ሠራተኛነት ለዓመታት ቆይታ ወደ ደሴ የተመለሰች አንዲት ሴት ትታሰብ። አማርኛ በሚገባ ታነባለች፣ እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት ነው፣ የቤት ውስጥ ዐረብኛ ግን ያለ ችግር ትሰማለች። ከደቡብ ወሎ ብዙ ሰዎች ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ ስለሚሄዱ እንዲህ ያለ ተመልካች እንግዳ አይደለም። ፊልም የሚመርጥላት ታናሽ ወንድሟ ነው እንበል።

ወንድሟ በሽልማቱ ተመርቶ የአስጋር ፋርሃዲን «መለያየት» (2011 እ.ኤ.አ.) ቢያቀርብላት ውድቀቱ ከወዲሁ ይታያል። ፊልሙ በዳኛ ፊት በሚካሄድ የባልና የሚስት ክርክር ይከፈታል፤ ንግግሩ ፈጣንና ተደራራቢ ነው፣ ቋንቋው ፋርስኛ ስለሆነም ጆሮዋ አይረዳትም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስታየው ገና ከመነሻው «አላልኩህም? ማንበብ አልወድም» ትለዋለች። ፊልሙ ድንቅ ቢሆንም ለመጀመሪያነት አይሆንም።

የሃይፋ አል መንሱር «ዋጅዳ» (2012 እ.ኤ.አ.) በአንጻሩ ሙሉ በሙሉ በሳዑዲ ዐረቢያ የተቀረጸ ፊልም ነው። ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ የምትፈልግ የሪያድ ልጅ በትምህርት ቤቷ የቁርኣን ንባብ ውድድር ትገባለች። በእናትና በልጅ መካከል ያለው ንግግር ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሾፌር ስለሆነ ተመልካቿ አብዛኛውን በጆሮዋ ትይዘዋለች፤ ጽሑፉ የሚያስፈልጋት ያመለጣትን ለመሙላት ብቻ ይሆናል። በአማርኛ ድምፅ ቢተካ ኖሮ የሚጠፋውም ይኸው ነው፦ ለዓመታት የሰማችው፣ ሥራዋ የነበረው ቋንቋ።

የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጀትና መለካት

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ካልተገኘ የፊልሙን የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ብቻ ለሙከራ መተርጎም ይቻላል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ሲሆን ተራ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ ከዚያም ንግግሩን ይይዛል። ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ አንድ ክፍል እንዲህ ይመስላል፦

```
41
00:06:12,000 --> 00:06:15,000
ብስክሌቱን አልሸጥኩትም፤
ነገ ነይ።
```

ይህ ክፍል ክፍተትና ሥርዓተ ነጥብ ጨምሮ 21 ምልክቶች አሉት፤ በ3 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 7 ይሆናል። በላቲን ፊደል የተለመደው የ6 ሰከንድ ደንብ 37 ምልክት ገደማ ያላቸው ሁለት ሙሉ መስመሮች 6 ሰከንድ እንዲቆዩ ስለሚፈቅድ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ገደማ ነው። ይህ ልኬት ለአማርኛ በቀጥታ አይሠራም። አንዱ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ከላይ ያሉት ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ 32 ምልክት ገደማ ይወስዳሉ። ስለዚህ በሰከንድ 12 የአማርኛ ፊደል የላቲኑን 18 ያህል ንግግር ይሸከማል፣ ለጀማሪም ይከብዳል። ከ7 እስከ 8 መጀመር ይበጃል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዐረፍተ ነገር አከፋፈል ነው። በአማርኛ ግሡ፣ ከነአሉታው፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ብስክሌቱን» በአንድ ክፍል፣ «አልሸጥኩትም» በሚቀጥለው ከወደቀ አንባቢዋ ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም የሚለውን ሳታውቅ ትጠብቃለች። ግሡን ከባለቤቱና ከተሳቢው ሳይለዩ በአንድ ክፍል ማሳየት ይመረጣል። ፋይሉ በ`UTF-8` ካልተቀመጠ በፊደሉ ምትክ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሊወጡ ይችላሉ፤ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ደግሞ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያለው ፎንት አልተመረጠለትም ማለት ነው።

ውጤቱን ማወቅ

ከ10 ደቂቃ በኋላ «ወደድሽው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይነግርም። የሚበጀው የታየውን እንድትተርክ ማድረግ ነው። የተባለውን ነግራ ማን የት እንደቆመ ካላስታወሰች ጽሑፉ ጊዜዋን ሁሉ ወስዷል፤ ይቀነስ ወይም ይዘግይ። ሥዕሉን ነግራ ንግግሩ ካመለጣት ንባቡን ትታዋለች፤ የጽሑፉ ቋንቋ ይፈተሽ። ወደ ስክሪኑ እየተጠጋች ካየች ፊደሉ አንሷል። ሁለቱንም አሟልታ «ከዚያስ?» ካለች ፊልሙ ይቀጥል።

ቀጣዩ እርከን ጆሮ የማይረዳበት፣ ግን ንግግሩ ጥቂት የሆነ ፊልም ነው። የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» (1997 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ይመቻል፤ ወንድምና እህት በአንድ ጫማ እየተፈራረቁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሲሮጡ ታሪኩን የሚናገረው ሩጫው ነው። «መለያየት» ከዚህ በኋላ በሦስተኛነት ሊቀርብ ይችላል።

ዘዴው ወሰን አለው። የዓይን ድካም ያለበት፣ ማንበብ ያልተማረ፣ ወይም ቡና እያፈላ በጆሮው ብቻ የሚከታተል ሰው የድምፅ ትርጉም መምረጡ ትክክል ነው፤ ሙከራው እርሱን ለማሸነፍ አይደለም። በሦስቱም እርከኖች ሁለቱንም አሟልታ ተርካ አሁንም «አልወድም» የምትል ተመልካች ከተገኘች ቃሏ እንደ ቃሏ ይወሰዳል።